ከ120 ታካሚ 78ቱን ብቻ የቆጠረልኝ አኖቫ፦ ወደ ሚክስድ ሞዴል ልሂድ ወይስ እንዳለ ልተወው?

የማርቆስ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። የማስተርስ መመረቂያዬን እየጨረስኩ ነው፤ ዳታው ላይ ግን ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ካሉ ስድስት ጤና ጣቢያዎች ድብርት ያለባቸው 120 ሰዎች መዝግበናል። በየጤና ጣቢያው ዕጣ አውጥተን ለሁለት ከፈልናቸው። 60ው የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኛሉ። 60ው ደግሞ በዚያ ላይ በሠለጠኑ ነርሶች የምክር አገልግሎት ይሰጣቸዋል። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ አራት ጊዜ ሞልተናል፣ ነጥቡ ሲበዛ ድብርቱ የከፋ ነው፤ መጀመሪያ ላይ፣ በ4ኛ፣ በ8ኛ እና በ12ኛ ሳምንት። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ስለነበር 12ኛው ሳምንት ህዳር ላይ ወደቀ። ህዳር ጎጃም ውስጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ኤስፒኤስኤስ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ የቡድኖቹን አማካይ በየጊዜው የሚያወዳድረውን ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ ሠራሁ። ውጤቱ አሪፍ ነው፤ በ12ኛ ሳምንት የምክር ቡድኑ በ3.7 ነጥብ ይሻላል። ግን ሰንጠረዡ ላይ N የሚለውን ሳየው 78 ይላል። 42 ሰው የት ገባ? አማካሪዬ «አኖቫው ይበቃሃል፤ ገምጋሚዎቹም የሚገባቸው እሱ ነው» አሉኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሚክስድ ሞዴል ካልሆነ ይጥሉሃል ብሎ አስፈራራኝ። ማንን ልስማ?

ቡሬ ዳሞት
ወንድሜ አትጨነቅ። አንተ የሠራኸው ራሱ ሚክስድ ነው። በሰው መካከል የሚለያይ አንድ ነገር አለህ፣ ቡድኑ። በአንድ ሰው ውስጥ የሚለዋወጥ ሌላ ነገር አለህ፣ ጊዜው። ይሄ «ሚክስድ አኖቫ» ይባላል። እኔም የሠራሁት በዚሁ ነው፤ ምንም ሳይሉኝ አለፍኩ። ስሙን ብቻ አስተካክለህ ጻፍ።

ቁጥር ቆጣሪ
ቡሬ ዳሞት፣ ስሙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አንተ ያልከው ሚክስድ አኖቫ የተባለው ሁለቱን ዓይነት ንጽጽር ስለቀላቀለ ነው። ስሌቱ ግን ያው አኖቫ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ ይይዛል፤ አራቱም ነጥቦች በዚያ ረድፍ ተደርድረው መገኘት አለባቸው። አንዷ ቦታ ባዶ ከሆነች ረድፉን እንዳለ ይጥለዋል። ለዚያ ነው 78 የቀረህ፣ የማርቆስ ልጅ።

ሚክስድ ሞዴል ግን እያንዳንዱን ጉብኝት እንደ ራሱ ረድፍ ነው የሚያየው። ሁለቴ የመጣ ሰው ሁለት ረድፍ ያዋጣል። አንድ ጉብኝት ስለቀረ ብቻ ማንም አይጣልም፤ የሌለውም ቁጥር አይፈጠርለትም።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር አይተህ ንገረኝ። አንደኛ፣ 42ቱ እንዴት እንደቀሩ ከፋፍላቸው። ሁለተኛ፣ በ4ኛ ሳምንት መጥተው ከዚያ በኋላ ያቋረጡትን ለይና የ4ኛ ሳምንት ነጥባቸውን እስከ መጨረሻ ከቆዩት ጋር አወዳድር፤ በየቡድኑ ለየብቻ። ሁለቱን ቡድን አንድ ላይ እንዳትደምራቸው። ጉዱ እዚያ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

ግዮን
ለምን ታወሳስቡታላችሁ? የጎደለውን መሙላት ነው። ሰውየው በ8ኛ ሳምንት 11 ካገኘ እና ካልተመለሰ፣ ለ12ኛውም 11 ጻፍለት። 120ው ይሞላልሃል፣ አኖቫውም ይሠራል። ከድሮዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች ብዙዎቹ በዚህ ነበር የሚሠሩት። ደግሞም ወደ ጥንቃቄ የሚያደላ ነው፤ ውጤትን አያጋንንም።

ቁጥር ቆጣሪ
ግዮን፣ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ለብዙ ዓመት ይሠራበት ነበር። ወደ ጥንቃቄ ያደላል የሚለው ግን ሁሌ አይሆንም። ያለ ሕክምናም ቢሆን ድብርቱ በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ የሚቀልለት ሰው ብዙ ነው። አንዱን በ4ኛ ሳምንት ነጥቡ ላይ ብታቆመው፣ ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልተሻለው አድርገህ ነው የጻፍክለት። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠፋው የተለመደውን ሕክምና ብቻ ከሚያገኘው ቡድን ከሆነ ያ ቡድን ካለበት በላይ የታመመ ይመስላል። ሕክምናህ ያላመጣውን ለውጥ አመጣ ትላለህ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንተ የፈጠርከውን ቁጥር ሶፍትዌሩ እንደ ተለካ ስለሚወስደው እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው የእርግጠኝነት ክልል ያለ አግባብ ይጠባል። አሜሪካኖቹ የምርምር ምክር ቤታቸው እንደ ፈረንጆች በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ግምቱ በሳይንስ ካልተደገፈ በቀር ይህን ዘዴ ዋና ትንተና አታድርጉት ብለዋል።

ሲስተር ጮቄ
እኔ ስታቲስቲክስ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ዓይነት ክትትል ላይ ፎርም ስሞላ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ቀሩት ሰዎች የማውቀውን ልንገራችሁ።

ህዳር ላይ የሚቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ደህና የሆነው ነው። ጤፉ ደርሶበት ቆሞ እያየ፣ «ሲስተር፣ ተሽሎኛል እኮ፣ ምን ልሠራ ልምጣ» ይለኛል። ወጣቶቹ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳሉ፤ ለዚያ ጉልበት የሚኖረው የተሻለው ነው። ሁለተኛው የባሰበት ነው። እሱ አይደውልም፣ ስልክም አያነሳም። ዘመድ ጸበል ይዞት ሄዶ ይሆናል።

አንዲት እናት ነበሩኝ። በ8ኛ ሳምንት ስሞላላቸው 8 ነበር ያገኙት፤ እየሳቁ ነው የወጡት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸው ከቤት ጠፋ፤ እሳቸውም መብላት አቆሙ። ጸበል ገቡ። ፎርሙ ላይ የተጻፈው «አልተገኙም» የሚል ብቻ ነው። የማርቆስ ልጅ፣ ያንተ ፎርም ለምን እንደቀሩ ይጠይቃል?

የማርቆስ ልጅ
ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎርሜ ምክንያት የሚል ሳጥን አለው፤ ግን አብዛኛው ባዶ ነው።

ቁጥር ቆጣሪ፣ ያልከውን አየሁ፤ ትንሽ ደነገጥኩ።

42ቱ እንዲህ ናቸው። 11ዱ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ጨርሶ አልተመለሱም (5 ከምክር፣ 6 ከተለመደው)። 7ቱ በ8ኛ ሳምንት ብቻ ነው የቀሩት፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ በ12ኛው መጥተዋል። 24ቱ በ4ኛ ሳምንት መጥተው ከዚያ በኋላ አቋረጡ።

እነዚያ 24ቱ፦ ከምክር ቡድኑ 10 ሰው ናቸው፤ በ4ኛ ሳምንት አማካይ ነጥባቸው 15.1 ነበር። በዚያው ቡድን የቆዩት ግን 9.9። ከተለመደው ቡድን 14 ሰው ናቸው፤ አማካያቸው 9.6። የቆዩት 13.2።

ማለትም ከአንዱ ቡድን የታመሙት ሄዱ፣ ከሌላው የተሻላቸው ሄዱ?

ቁጥር ቆጣሪ
አዎ። እኔም የፈራሁት ይሄንን ነው። ከምክሩ ቡድን ምክሩ ያልሠራለት ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ከሌላው ደግሞ የተሻለው ወደ አዝመራው ሄደ። አኖቫው እስከ መጨረሻ የቆዩትን ብቻ ስለሚያይ አንዱን ቡድን ካለበት አሳምሮ፣ ሌላውን ካለበት አክፍቶ ነው የሚያሳይህ። ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል።

በምሳሌ ላሳይህ፤ ቁጥሩን ለሒሳብ እንዲመች አድርጌዋለሁ። ምክር ቡድኑ ውስጥ 60 ሰው አለ እንበል። በ4ኛ ሳምንት 40ዎቹ 10 ነጥብ ላይ፣ 20ዎቹ 16 ላይ ናቸው። እስከ 12ኛ ሳምንት እያንዳንዱ 3 ነጥብ ይቀንሳል፤ 7 እና 13 ይሆናሉ። ሁሉም ቢመጡ አማካዩ 9 ነው። ግን ከ40ዎቹ 35 መጡ፣ ከ20ዎቹ ደግሞ 5 ብቻ። የመጡት 40 ሰዎች አማካይ 7.75 ይሆናል።

በሌላው ቡድን 30ው 10 ላይ፣ 30ው 16 ላይ ነበሩ። 2 ነጥብ ቀንሰው 8 እና 14 ደረሱ። ሁሉም ቢመጡ አማካዩ 11 ነበር። ግን ከተሻላቸው 15 ብቻ መጡ፣ ከታመሙት 25። የመጡት አማካይ 11.75 ሆነ።

እውነተኛው ልዩነት 11 ሲቀነስ 9፣ ማለትም 2 ነጥብ ነው። አኖቫው የሚያየው 11.75 ሲቀነስ 7.75፣ ማለትም 4። እጥፍ! ማንም ዳታ አልነካም፣ ማንም አላጭበረበረም።

ሚክስድ ሞዴሉ 16 ላይ የነበሩትን ሰዎች አይረሳም። የ4ኛ ሳምንት ነጥባቸው ውስጡ አለ። በዚያ ቡድን 16 ላይ ሆነው የቆዩት አምስቱ 13 እንደደረሱ ስለሚያይ፣ የቀሩትም ወደዚያ አካባቢ እንደሚደርሱ ቆጥሮ አማካዩን ወደ 9 ይመልሰዋል። ይህ የሚሠራው ግን መቅረታቸው ቀድሞ በተለካው ነጥብ የሚገለጽ ከሆነ ነው። ወደ ሲስተር ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ፤ እሳቸው ይህንን ግምት ነው የነኩት።

ግዮን
እሺ፣ መሙላቱን ትቻለሁ። አር ላይ `lmer(phq ~ arm*visit + (1|id))` ብሎ መጨረስ ነው እንግዲህ። ሚክስድ ሞዴል ነው፣ አለቀ።

ቁጥር ቆጣሪ
አቅጣጫው ልክ ነው፤ ግን እዚያ ላይ አትቁም። `(1|id)` ብቻ ስትል «የአንድ ሰው ሁለት ነጥቦች ዝምድና ምን ጊዜም እኩል ነው» እያልክ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከ4ኛ ሳምንት ጋር የሚዛመደው ከ12ኛው ጋር በሚዛመደው ልክ ነው ማለት ነው። የድብርት ነጥብ እንዲህ አይደለም። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ጉብኝቶች በጥብቅ ይዛመዳሉ፣ የተራራቁት ይላላሉ። እንዲያውም ሁሉም ሰው አራቴ ቢመጣ ኖሮ ያንተ ሞዴልና አኖቫው አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጡህ።

ብዙ ሰው ይሄ የሚነካው የእርግጠኝነት ክልሉን ብቻ ይመስለዋል። ዳታው ሙሉ ሲሆን ልክ ነው። ሰው ሲጎድል ግን ሞዴሉ የጎደለውን የሚገምተው በዚሁ ዝምድና በኩል ስለሆነ ዝምድናውን ከሳትክ ልዩነቱ ራሱ ይዛባል። ስለዚህ ሦስት አራት ጉብኝት ብቻ ላለው ሙከራ ዝምድናውን ክፍት መተው ይሻላል፤ ዳታው ራሱ ይንገርህ። ሦስት ጉብኝት ሲሆን የሚገመተው ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ያንተ ዳታ ይችለዋል።

የማርቆስ ልጅ፣ ኤስፒኤስኤስ ስለሆነ የያዝከው በዚያው ልጻፍልህ። መጀመሪያ ዳታውን ከጎን ወደ ቁልቁል ገልብጠው፦

```
VARSTOCASES
  /MAKE phq FROM phq4 phq8 phq12
  /INDEX=visit.
MIXED phq BY arm visit WITH phq0
  /FIXED=arm visit arm*visit phq0 phq0*visit
  /REPEATED=visit | SUBJECT(id) COVTYPE(UN)
  /METHOD=REML
  /EMMEANS=TABLES(arm*visit) COMPARE(arm).
```

የመጀመሪያው ቀን ነጥብ `phq0` ነው፤ ከውጤቱ ጋር አልተሰለፈም፣ ማስተካከያ ሆኖ ነው የገባው። ዕጣው የወጣው በየጤና ጣቢያው ስለሆነ ጤና ጣቢያውንም `BY` እና `FIXED` ላይ ጨምረው። ስድስት ብቻ ስለሆኑ ራንደም አታድርጋቸው። የምታየው የመጨረሻውን የ12ኛ ሳምንት ንጽጽር ነው። መሥራቱን ለማረጋገጥ ስንት ሰው እንደገባ ቁጠር። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያልተመለሱት 11ዱ የሚገባ ነጥብ ስለሌላቸው 109 መሆን አለበት። 78 ካለህ አሁንም የሮጥከው አኖቫውን ነው።

የማርቆስ ልጅ
ሠራሁት። መብራት ሁለቴ ሄዶብኝ ነው እንጂ ትናንት ነበር የማመጣው።

109 ሰው ገብቷል። የ12ኛ ሳምንት ልዩነቱ 2.2 ሆነ፤ 95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልሉ ከ0.3 እስከ 4.1። አኖቫው 3.7 ነበር ያለኝ።

ለአማካሪዬ ወስጄ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩትና «ፕሮፖዛልህ ላይ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው «ሪፒትድ ሜዠርስ አናሊሲስ ይደረጋል» ይላል። የትኛው እንደሆነ አይልም።

ቡሬ ዳሞት
በቃ አኖቫውን ተው ማለት ነው? አንድ ነገር ግን ልበል። ውጤቱን ካየህ በኋላ ዘዴ መቀየር ራሱ ያስጠይቃል። አሁን የቀየርከው ወደሚቀንሰው ስለሆነ ማንም አይናገርህም። ወደሚጨምረው ቢሆን ኖሮስ? እኔ ብሆን ፕሮፖዛሉ ላይ ባለው እጸናለሁ።

ቁጥር ቆጣሪ
ቡሬ ዳሞት፣ ይሄኛው ነጥብህ ጠንካራ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር አልደባልቀውም። እኔ የማደርገው ሚክስዱን ዋና አድርጌ አኖቫውን ጎኑ አስቀምጣለሁ። ፕሮፖዛሉ ዘዴውን ለይቶ እንዳልጠቀሰ፣ ምርጫው ዳታው ከታየ በኋላ እንደተደረገ፣ ለምን እንደተደረገም በግልጽ እጽፋለሁ። ያቺን የ15.1 እና የ9.6 ሰንጠረዥ አወጣታለሁ። አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

አሁን ወደ ሲስተር ልመለስ። እኒያ እናት በ8ኛ ሳምንት 8 ነበሩ። ሞዴሉ የሚያውቀው ያቺን 8 ብቻ ስለሆነ በ12ኛውም ጥሩ ይሆናሉ ብሎ ይገምታል። የባሰባቸው ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይለካቸው ነው። እንዲህ ዓይነቱን መቅረት ሚክስድ ሞዴልም አይፈታውም። በዳታውም ልትመረምረው አትችልም፤ ማስረጃው ራሱ ነው የጠፋው።

ማድረግ የምትችለው መፈተን ነው። ከምክር ቡድኑ ያቋረጡት 10 ሰዎች ሞዴሉ ከሚገምተው በላይ ቢብስባቸውስ ብለህ 1 ነጥብ፣ 2 ነጥብ፣ 3 ነጥብ እየጨመርክ ውጤቱ የት ላይ እንደሚወድቅ ታያለህ። በደንብ የሚሠራው የጎደለውን ደጋግሞ በመተካት ነው። ግምቱን ግን በእጅ ማውጣት ይቻላል። በትንተናው ውስጥ ካሉት 55 የምክር ሰዎች 10ሩ 18 በመቶ ናቸው። ለእነሱ 2 ነጥብ ብትጨምር የቡድኑ አማካይ በ0.36 ይነሳል። ልዩነትህ 1.84 ይሆናል፤ የክልልህ የታችኛው ጫፍም ከ0.3 ወደ ዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ልዩነት አለ ብለህ በእርግጠኝነት መናገር አትችልም።

የማርቆስ ልጅ
ሁለት ነጥብ ብቻ? ከመጠይቁ ሙሉ 27 ነጥብ?

ቁጥር ቆጣሪ
ሁለት ነጥብ ብቻ። ጨርሰው ያልተመለሱትን 5 ሰዎች ብትጨምራቸው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይወድቃል። 3.7 ሲልህ አለት ይመስል ነበር።

ሲስተር ጮቄ
እንግዲያ ሁለት ነጥብ ይብስባቸዋል ወይስ አይብስባቸውም የሚለውን ኮምፒውተር አይነግርህም። እኔ ብሆን ስልክ ነው የምመታው። ያቋረጡትን በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል አስፈልጋቸው። አሥሩንም ባታገኝ አራቱን ታገኛለህ። ዘግይተህም ቢሆን ያሉበትን ሁኔታ ጠይቅ፤ የቀሩበትን ምክንያትም ሳጥኑ ላይ ሙላ።

ግዮን
አራት ሰው አግኝቶ ምን ሊያደርግ ነው? የተገኙትም ካልተገኙት የተለዩ ይሆናሉ።

ሲስተር ጮቄ
ይሁኑ። አራት ከባዶ ይሻላል።

የማርቆስ ልጅ
ሲስተር እንዳሉት ሰኞ መደወል እጀምራለሁ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ይፈቅድ እንደሆነ ግን ቀድሜ ማየት አለብኝ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። መንገዱ ሲዘጋ 7 ሰው ቀረ ብያለሁ። ግን ሌሎች 20 የሚሆኑ ሰዎች «8ኛ ሳምንት» ተብለው የተመዘገቡት በ10ኛውና በ11ኛው ሳምንት ነው የመጡት። ፎርሙ ላይ ቀኑ አለ። እኔ 8 ብዬ ነው ያስገባሁት።

ቁጥር ቆጣሪ
ኧረ ይሄንን ቀድመህ ብትነግረኝ! ከላይ የጻፍኩልህ ሞዴል ጉብኝቱን በስሙ ነው የሚያውቀው፤ በ11ኛ ሳምንት የመጣውንም 8ኛ ብሎ ነው የሚወስደው። ሌላው መንገድ ትክክለኛውን ቀን ማስገባትና ለየሰው የራሱን መስመር መስጠት ነው። ያ ግን ለውጡ ቀጥ ያለ መስመር እንደሚከተል ያስገምትሃል፤ ድብርት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወርድና ከዚያ ይዘገያል። መስመሩን ማጠፍ ይቻላል፤ በሦስት ጉብኝት ግን ብዙ ማጠፍ አይመችም። የዘገዩት ከየትኛው ቡድን ይበዛሉ?

የማርቆስ ልጅ
አላየሁትም። አሁን ፎርሞቹን ካርቶን ውስጥ እያገላበጥኩ ነው።

ቡሬ ዳሞት
ከአንድ ቡድን ከሆኑ ጉድ ነው።